አውድ የሌላቸውን አጫጭር ሐረጎች መተርጎም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አፕ ወይም ሶፍትዌር ወደ አማርኛ ስትተረጉሙ አንድ ወይም ሁለት ቃል ብቻ የያዘ መስመር ሲገጥማችሁ የሚነሱ ጥያቄዎች ናቸው፣ ከቀላሉ ጀምሮ ወደ አስቸጋሪው።

አንድ ቃል ብቻ ነው የተሰጠኝ፣ ዲክሽነሪ ላይ መጀመሪያ ያለውን ትርጉም ብወስድ ምን ችግር አለው?

ዲክሽነሪ የሚነግራችሁ ቃሉ ምን ምን ሊሆን እንደሚችል ነው፣ እዚህ ቦታ ላይ ምን እንደሆነ ግን አይነግራችሁም። ሶፍትዌር ውስጥ ደሞ በሰፊው የሚታወቀው ትርጉም ብዙ ጊዜ የሚፈለገው አይደለም። እኔ ስጀምር `left` የሚል መስመር ደረሰኝና ሳላመነታ "ግራ" ብዬ አለፍኩ፣ ከሳምንታት በኋላ አንድ ተጠቃሚ ስክሪንሾት ላከ፣ ፋይል እየወረደ ነው፣ ከስሩ "12 ደቂቃ ግራ" ይላል። ለካ ቃሉ "ቀርቷል" ማለት ነበር፣ ቁጥሩና "ደቂቃ" የሚለው ሌላ መስመር ላይ ስለነበሩ እኔ ጋ የደረሰው ጭራው ብቻ ነው።

ከዛ በኋላ "ይሄ ቃል ምን ማለት ነው" ብዬ መጠየቅ ትቼ "ይሄን ቃል ስክሪን ላይ ያስቀመጠው ሰው ለምን አስፈለገው" ብዬ መጠየቅ ጀመርኩ። ፋይል የሚያወርድ ፕሮግራም ውስጥ "ግራ" የሚል ቃል ለምን ያስፈልጋል? እምብዛም አያስፈልግም። ስንት ጊዜ እንደቀረ መናገር ግን የግድ ያስፈልገዋል። የቃሉን ዝና ሳይሆን የቦታውን ፍላጎት ካያችሁ አብዛኛው መስመር ብዙም ሳትደክሙ ይፈታል።

አውድ የለውም የተባለ መስመር በእርግጥ ምንም የለውም?

አብዛኛውን ጊዜ አለው፣ ግን እናንተ የምትሰሩበት ገጽ አያሳያችሁም። አንዳንድ የትርጉም ዌብሳይቶች ቃሉንና ባዶ ሳጥኑን ብቻ ነው ፊት ለፊት የሚያመጡት፣ ሌላው መረጃ በጎን ወይም ሌላ ታብ ስር ተደብቆ ይቀመጣል። ፋይሉን ራሱን አውርዳችሁ በተራ ኤዲተር ብትከፍቱት ለምሳሌ እንግሊዝኛው `msgid` ላይ፣ ትርጉሙ `msgstr` ላይ የሚቀመጥበት PO የሚባለው የትርጉም ፋይል ውስጥ እንዲህ ሆኖ ታገኙታላችሁ፦

```
#. Shown next to each message in the list
#: src/mail/message-row.c:212
msgctxt "message state"
msgid "Read"
msgstr ""
```

`#.` ብሎ የሚጀምረው ፕሮግራመሩ ለተርጓሚ የጻፈው ማስታወሻ ነው፣ `#:` ያለው ቃሉ የመጣበት የኮድ ፋይልና የመስመር ቁጥር፣ `msgctxt` ደሞ ሆን ተብሎ ትርጉሞችን ለመለየት የገባ ምልክት ነው። ሦስቱም አንድ ላይ የሚገኙት አልፎ አልፎ ነው፣ የፋይል ስሙ ግን ብዙ ጊዜ አይጠፋም። እሱ ብቻውን እንኳን ይበቃችኋል ምክንያቱም `message-row` የሚል ፋይል ውስጥ ያለ `Read` ስለ አንድ መልእክት የሚናገር እንጂ "አንብብ" የሚል ቁልፍ የመሆን እድሉ ትንሽ ነው፣ ስለዚህ "የተነበበ"። አንድሮይድ ላይ ከሆነ እያንዳንዱ መስመር የራሱ ስም አለው፣ `status_read` እና `action_read` ማለት ሁለት የተለያየ ነገር ነው።

ከዛ ጎረቤቶቹን አንብቡ። ከላይ አምስት ከታች አምስት መስመር ማየት የአንድ ደቂቃ ስራ ነው፣ ፕሮግራመር ደሞ አንድ ሜኑ ወይም አንድ ዝርዝር ሲጽፍ አከታትሎ ስለሚጽፈው ፋይሉ ውስጥም ብዙ ጊዜ ተከታትለው ይመጣሉ። `Read` አጠገቡ `Unread` ካለ ነገሩ አለቀ፣ `Reply` እና `Delete` ካሉ ግን ወደ "አንብብ" ያዘነብላል። አንድ ጥንቃቄ፦ የምትሰሩበት ገጽ መስመሮቹን በፊደል ተራ ደርድሯቸው ከሆነ ጎረቤትነቱ ዋጋ የለውም፣ መጀመሪያ ወደ ፋይሉ የራሱ ቅደም ተከተል መልሱት።

ነጥቡ፣ ኮለኑ፣ ትልቁና ትንሹ ፊደል ምን ይነግረኛል?

ከምትገምቱት በላይ ይናገራል። መጨረሻው ላይ ሦስት ነጥብ ያለው `Print…` ትእዛዝ ነው፣ ስትጫኑት ሌላ መስኮት ተከፍቶ ተጨማሪ ነገር ይጠይቃችኋል ማለት ነው። `Loading…` ላይ ግን ያው ሦስት ነጥብ ስራው እየተካሄደ መሆኑን ነው የሚያሳየው፣ ስለዚህ "በመጫን ላይ…"። ኮለን ያለው `Name:` ከጎኑ የሚሞላ ሳጥን ወይም የሚታይ መረጃ አለው። `_Open` ወይም `&Open` ብሎ ከመጣ ምልክቱ ለኪቦርድ አቋራጭ የገባ ነው፣ የሚታየውም ሜኑ ወይም ቁልፍ ላይ ነው፣ ስለዚህ "ክፍት" የሚለውን ትርጉም ከሞላ ጎደል መተው ትችላላችሁ።

በትንሽ ፊደል የሚጀምረውን ደሞ በጣም ተጠንቀቁት። ፋይሉ ውስጥ ያለው ሌላ መስመር ሁሉ በትልቅ ፊደል እየጀመረ አንዱ `left` ወይም `of` ብሎ ከመጣ ብቻውን አይቆምም፣ ከሌላ ነገር ጋር የሚገጣጠም ቁራጭ ነው። ያኔ መፈለግ ያለባችሁ ከፊቱና ከኋላው የሚመጣውን ነው እንጂ የቃሉን ትርጉም አይደለም። የእኔም ስህተት የተፈጠረው ይሄን ባለማየቴ ነው፣ ትንሽ `l` ነበረች።

ግስ ይሁን ቅጽል እንዴት ልለይ? ለምሳሌ `Open`

እንግሊዝኛ ሁለቱንም በአንድ መልክ ስለሚጽፍ እኛ የግድ መምረጥ አለብን፣ "ክፈት" እና "ክፍት"። የመጀመሪያው ማስረጃ ተቃራኒው ነው፣ ፋይሉ ውስጥ `Closed` ፈልጉ። `Closed` ካለ ሁለቱም የአንድን ነገር ሁኔታ የሚናገሩ ናቸው፣ `Close` ካለ ሁለቱም ትእዛዝ ናቸው። ሁለቱም ካሉስ? ይሄ ያጋጥማል፣ የቅሬታ ወይም የስህተት መከታተያ ሲስተም ውስጥ ለምሳሌ አንድ ጉዳይ `Open` ወይም `Closed` ይሆናል፣ ጉዳዩን ለመዝጋት ደሞ `Close` የሚል ቁልፍ አለ። እዛ ላይ ጉዳዩን እንደገና ለመክፈት ምን ቃል ተጠቅመዋል ብላችሁ ፈልጉ፣ `Reopen` ካገኛችሁ የትእዛዙ ቦታ ተይዟል፣ ስለዚህ `Open` ሁኔታውን ነው የሚናገረው።

ሁኔታ ነው ካላችሁ በኋላም ደሞ "ክፍት" ይስማማል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። በር ክፍት ይባላል፣ ሱቅም ክፍት ይባላል፣ ያልተፈታ ቅሬታ ግን "ክፍት ቅሬታ" ሲባል አማርኛው ይጎረብጣል፣ "ያልተዘጋ" ወይም "እልባት ያላገኘ" ብትሉት አንባቢው ቶሎ ይገባዋል። የግስና የቅጽሉ ጥያቄ ተመለሰ ማለት ትርጉሙ አለቀ ማለት አይደለም።

አንተ ልበል፣ አንቺ ወይስ እርስዎ?

መጀመሪያ ማን ለማን እየተናገረ እንደሆነ ለዩ፣ ይሄ ከተለየ ግማሹ ጭንቀት ይጠፋል። `Save` የሚል ቁልፍ ላይ የሚያዘው ሰውየው ነው፣ የሚታዘዘው ማሽኑ። ስለዚህ "አስቀምጥ" ማለት ተጠቃሚዋን "አንተ" ማለት አይደለም፣ እሷ ናት ስልኩን የምታዘው፣ ብዙ አፖች ላይ "ሰርዝ"፣ "ላክ" የሚለው የለመድነውም በዚህ ነው። `Enter your name` ግን ተገላቢጦሽ ነው፣ ማሽኑ ነው ሰውን የሚያዘው፣ እዛ ላይ "ስምህን አስገባ" ካላችሁ ሴቷን ትታችኋል፣ ትልቅ ሰውንም አንተ ብላችኋል፣ "ስምዎን ያስገቡ" ነው ሁሉንም የሚያስማማው።

አስቸጋሪው ሁለቱም ቦታ ሊገባ የሚችል ሐረግ ነው። `Try again` ቁልፍ ላይ ከሆነ "እንደገና ሞክር"፣ የስህተት መልእክት ጭራ ከሆነ "እንደገና ይሞክሩ"። መጨረሻው ላይ ነጥብ ካለው መልእክት ነው፣ ቁልፍ ላይ ነጥብ ማድረግ አልተለመደም። ሌላ ምንም ፍንጭ ካጣችሁ "ይሞክሩ" ብትሉ ቁልፍ ላይም ቢወጣ ማንንም አያስቀይምም፣ ትንሽ ረዘም ይላል እንጂ።

`From`፣ `To`፣ `On` ብቻቸውን ሲመጡ ምን ላድርግ?

እኔ ብዙ ስህተት የማየው እዚህ ላይ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ዘርዘር ላድርገው። እንግሊዝኛ `From` የምትለውን አንድ ቃል ለአራት አይነት ስራ ይጠቀምባታል፣ አማርኛ ደሞ "ከ" ብሎ ብቻውን ማስቀመጥ አይመቸውም ምክንያቱም "ከ" የሚቀጥለው ቃል ላይ ተለጥፎ ነው የሚኖረው። ሳጥን ላይ "ከ" ብላችሁ ብትተዉት የተቆረጠ ጽሁፍ ነው የሚመስለው። ስለዚህ መልሱ የሚመጣው ጥንዷ `To` ምን እየሰራች እንደሆነ በማየት ነው፣ `To` አማርኛ ላይ "ለ" ትሆናለች፣ "እስከ" ትሆናለች፣ "ወደ" ትሆናለች፣ ሦስቱ ደሞ በጭራሽ አይለዋወጡም።

አጠገባቸው `Subject` እና `Cc` ካሉ ኢሜይል ነው፣ `From` "ላኪ"፣ `To` "ተቀባይ" ይሁኑ። አጠገባቸው `Date`፣ `Filter` ወይም `Apply` ካሉ ቀን ወይም መጠን የምትወስኑበት ነው፣ "ከዚህ ቀን" እና "እስከዚህ ቀን"፣ ወይም "መጀመሪያ" እና "መጨረሻ"። `Passengers` ወይም `Return` ካያችሁ ጉዞ ነው፣ "መነሻ" እና "መድረሻ"። ቋንቋ መራጭ ከሆነ ደሞ "ከቋንቋ" እና "ወደ ቋንቋ"። አሁን አንድ የጉዞ አፕ አስቡ፣ ጎረቤቶቹ `Passengers`፣ `One way`፣ `Departure date` ናቸው፣ `From` እዛ መሃል አለች፣ ይሄ ግልጽ ነው። ግን ወረድ ብሎ ያለፉ ጉዞዎችን በቀን የሚያጣራ ገጽ ቢኖረው እዛም `From` እና `To` አሉ፣ እዛ ላይ "መነሻ" ብትሉ ሰውየው ቀን በሚሞላበት ሳጥን ውስጥ ከተማ ሊጽፍ ነው። ስለዚህ አንድ አፕ ውስጥ ስላላችሁ ብቻ ሁለተኛዋን ከመጀመሪያዋ አትቅዱ።

`From %s` ብሎ ከመጣ ግን ቀላል ነው፣ `%s` ቦታው ላይ ስም ወይም ቀን ስለሚገባ `ከ%s` ብላችሁ ያለ ክፍተት ታጣብቁታላችሁ። `On` ደሞ `Off` አጠገቡ ካለ "በርቷል" እና "ጠፍቷል" ነው፣ `On %s` ከሆነ ቀን ሊሆን ይችላል፣ ያኔ "በ%s"።

አንድ ሰው አንድ ሐረግ ብቻ ልኮ "በአማርኛ ምን ይባላል" ቢለኝስ?

እዚህ ፋይልም ጎረቤትም የለም፣ ሰውየው ግን አለ፣ እሱን ጠይቁት። "ምን ማለትህ ነው" ብላችሁ አትጠይቁት፣ ሰው ይሄን ሲጠየቅ ሐረጉን ራሱን ነው መልሶ የሚደግምላችሁ። "ማን ለማን ነው የሚለው፣ የት ነው የሚጻፈው" በሉት። አንዷ `I got you` በአማርኛ ጻፍልኝ ብላ ላከችልኝ፣ ይሄ ሐረግ "አለሁልህ" ሊሆን ይችላል፣ "ገባኝ" ሊሆን ይችላል፣ "ያዝኩህ" ሊሆን ይችላል፣ "ሸወድኩህ"ም ሊሆን ይችላል። የት ነው የምትጽፊው አልኳት፣ ለእህቷ የምትሰጠው ሀብል ላይ ነው። በቃ በአንድ መልስ ሦስቱ ወደቁ፣ ጾታውም ተለየ፣ "አለሁልሽ"።

መጠየቅ ካልቻላችሁ ደሞ ሰዎች እንዲህ ያለ ሐረግ ለብቻው የሚያስተረጉሙት መቼ ነው ብላችሁ አስቡ። ሰው "ገባኝ" የሚለውን ቃል ለብቻው ብዙም አያስተረጉምም፣ የሚያስተረጉመው ለሌላ ሰው ሊያስቀምጠው የፈለገውን ስሜት ነው። ያም ሆኖ ብረት ላይ ወይም ቆዳ ላይ የሚጻፍ ነገር በግምት አትስጡ፣ እሱ አይታረምም።

ከአማርኛ ወደ ሌላ ቋንቋ ስተረጉምስ ተመሳሳይ ችግር አለ?

አለ፣ እንዲያውም እኛ ሳናየው ያልፋል ምክንያቱም ስናነብ ጆሯችን የሚያውቀውን አንዱን ድምጽ ወዲያው ይመርጥልናል። የአማርኛ ጽሁፍ የሚጠብቀውንና የሚላላውን አያሳይም። "ዋና" ን ብናጠብቀው ዋናው፣ ትልቁ ማለት ነው፣ ሲላላ ውሃ ውስጥ የሚዋኘው ዋና ነው። "አለ" ሲጠብቅ መኖር ነው፣ ሲላላ ተናገረ ነው። "ግቢ" ሲጠብቅ አጥር ያለው ግቢ፣ ሲላላ አንዲትን ሴት ወደ ውስጥ ግቢ ማለት ነው። "ተማሪ" ደሞ ምንም የማጥበቅ ልዩነት ሳይኖረው የሚማረው ሰውም ነው፣ አንዲትን ሴት ትምህርት እንድትማር ማዘዝም ነው።

ስለዚህ አንድ ዝርዝር ውስጥ "ዋና" የሚል ብቻውን ቢመጣና ከላይ "ሩጫ"፣ ከታች "ብስክሌት" ካለ ስፖርቱ ነው፣ ከታች "ስለ እኛ"፣ "ያግኙን" ካለ የዌብሳይት ሜኑ ነው። እኔ የምጠቀመው መንገድ ጮክ ብሎ ማንበብ ነው፣ ቃሉን አንዴ አጥብቄ አንዴ አላልቼ አነበዋለሁ፣ ሁለቱም ትርጉም ከሰጡኝ ጎረቤቶቹን ሳላይ አልነካውም። አማርኛ እየጻፋችሁ ሌላ ሰው የሚተረጉምላችሁ ከሆነ ደሞ "ዋና ገጽ" ወይም "የውሃ ዋና" ብላችሁ አንድ ቃል ብትጨምሩለት ከብዙ ጣጣ ታድኑታላችሁ።

ሁሉንም አይቼ ሁለቱ ትርጉሞች እኩል ቢሆኑብኝ የቱን ልምረጥ?

የትኛው ነው ይበልጥ የሚመስለው የሚለው ጥያቄ መልስ ካጣ ሁለተኛውን ጠይቁ፣ ብሳሳት የትኛው ነው ይበልጥ የሚጎዳው። የአየር ሁኔታ የሚያሳይ አፕ ውስጥ `Clear` የሚል መስመር አለ እንበል፣ የመስመሩ ስም `label_clear` ብቻ ነው፣ ጎረቤቶቹ የተደበላለቁ ናቸው። ሰማዩ "ጥርት ያለ" ነው ማለት ሊሆን ይችላል፣ የፈለጋችኋቸውን ከተሞች ዝርዝር "አጽዳ" የሚል ቁልፍም ሊሆን ይችላል፣ አፑ ሁለቱም ያስፈልጉታል።

"አጽዳ" ብላችሁ ሰማይ ሆኖ ቢገኝ ሰውየው የጸሐይ ስዕል አጠገብ "አጽዳ" የሚል ያያል፣ ግራ ይገባዋል፣ ግን የሚጠፋበት ነገር የለም። "ጥርት ያለ" ብላችሁ ቁልፍ ሆኖ ቢገኝ ግን ምን እንደሆነ ለማየት ይጫነዋል፣ ያጠራቀመው ዝርዝር ሁሉ ይጠፋበታል። እድሉ እኩል ነው፣ ጉዳቱ ግን እኩል አይደለም፣ ስለዚህ ፍንጭ እስኪገኝ "አጽዳ"። የሚያጠፋ፣ የሚልክ ወይም የሚያስከፍል ነገር ሊሆን የሚችል ቃል ሲገጥማችሁ ሁሌም ወደዛ ትርጉም አዘንብሉ።

ሁለቱንም የሚሸፍን አንድ አማርኛ ፈልጌ ላስቀምጥ የሚሉም አሉ። አንዳንዴ ይሰራል፣ `Search` ቁልፍ ይሁን ርእስ ካላወቃችሁ "ፍለጋ" ሁለቱም ቦታ ይቆማል፣ `Reply`ም "መልስ" ተብሎ ሁለቱንም ይሸከማል። ግን ሁለቱ ትርጉሞች ዘመድ ሲሆኑ ብቻ ነው፣ "አጽዳ" እና "ጥርት ያለ" ን የሚያስታርቅ ቃል ፍለጋ ከሄዳችሁ ለሁለቱም የማይሆን ነገር ይዛችሁ ነው የምትመለሱት።

ፕሮግራመሩን ስጠይቅ መልስ አላገኝም፣ ምን ብዬ ልጠይቅ?

"ይሄ ቃል ግልጽ አይደለም" ብላችሁ ከሆነ መልስ ባይመጣ አይገርምም፣ ለእሱ እኮ ግልጽ ነው፣ ስክሪኑ ፊት ለፊቱ አለ። ሁለት አማራጭ ስጡትና አንዱን እንዲመርጥ አድርጉ፣ ለምሳሌ "`label_clear` ሰማዩን የሚገልጽ ነው ወይስ ዝርዝሩን የሚያጠፋ ቁልፍ? አማርኛ ላይ ሁለት የተለያየ ቃል ነው" ብላችሁ። ይሄን በአንድ ቃል መመለስ ይችላል። ጥያቄዎቹን እያጠራቀማችሁ አስር አስሩን አንድ ላይ ላኩ፣ በየሰዓቱ አንድ አንድ ከላካችሁ ይሰለቻል።

መልሱ እስኪመጣ ድረስ ስራውን አታቁሙ፣ ግን የገመታችሁትን ምልክት አድርጉበት። PO ፋይል ላይ `fuzzy` ብላችሁ ምልክት ያደረጋችሁበት ትርጉም በተለመደው አሰራር ተጠቃሚው ጋ አይደርስም፣ `msgstr` ባዶ የሆነም እንደዛው፣ በቦታው ዋናው እንግሊዝኛ ነው የሚታየው። የሚያስፈራ ቁልፍ ላይ የተሳሳተ አማርኛ ከሚወጣ እንግሊዝኛው ለጊዜው ቢቆይ ይሻላል።

ፕሮግራመሩ "ሁለቱም ቦታ ነው ያለው" ቢለኝስ?

ይሄ ነው ትልቁ ጣጣ፣ PO ፋይል ውስጥ የሚታየውም እንዲህ ነው፦

```
#: src/forecast/sky.c:41
#: src/search/history.c:97
msgid "Clear"
msgstr ""
```

አንድ `msgid` ላይ ሁለት የ`#:` መስመር አለ። gettext የሚባለው አሰራር እንግሊዝኛው ፊደል በፊደል አንድ ከሆነና `msgctxt` ከሌለው አንድ ቃል ነው ብሎ ያጣምረዋል፣ ስለዚህ እናንተ የምትሰጡት አንድ ትርጉም ሰማዩም ላይ ቁልፉም ላይ ይወጣል። የፈለጋችሁትን ያህል ጎበዝ ብትሆኑ በትርጉም አይፈታም፣ መፈታት ያለበት ኮዱ ውስጥ ነው። ፕሮግራመሩን `pgettext` ተጠቅሞ ለሁለቱ የተለያየ `msgctxt` እንዲሰጥ ጠይቁት፣ ብዙውን ጊዜ የሁለት መስመር ስራ ነው። ከዛ ፋይሉ ሲታደስ እንዲህ ሆኖ ይመጣላችኋል፦

```
msgctxt "sky condition"
msgid "Clear"
msgstr "ጥርት ያለ"

msgctxt "button"
msgid "Clear"
msgstr "አጽዳ"
```

ከተለያዩ በኋላም አንድ ነገር ተጠንቀቁ። የትርጉም ፕሮግራማችሁ ያለፈ ስራችሁን የሚያስታውስ ከሆነ አዲሷን `Clear` ሲያይ "መቶ በመቶ ተገኝቷል" ብሎ የድሮውን "አጽዳ" ራሱ ሊሞላው ይችላል፣ እንግሊዝኛው አንድ ስለሆነ። አጫጭር መስመሮች ላይ ይሄ መቶ በመቶ የሚባለው ነገር ረጅም ዓረፍተ ነገር ላይ እንዳለው አይታመንም፣ አስራ አምስት ቃል ያለው ዓረፍተ ነገር ከተገጣጠመ ትርጉሙም አንድ የመሆኑ እድል ትልቅ ነው፣ አንድ ቃል ሲገጣጠም ግን ፊደሉ ተገጣጠመ ማለት ብቻ ነው። እኔ ከሦስት ቃል በታች ያለውን ሁሉ በራሱ እንዳይሞላ አጥፍቼዋለሁ፣ በእጄ እያየሁ ነው የማጸድቀው፣ አዲስ ቨርዥን ሲወጣም አፑን ከፍቼ መጀመሪያ የማያቸው እነዚህን ነው።